ሰሌዳው በስልክ ሲገባ፦ የተቀረጸ ትምህርት ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ እንዴት ይደርሳል?

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ከተማ ወጣ ሲባል የትምህርት ጉዳይ የርቀት ጉዳይ ይሆናል። በከተማ የሚኖር ተማሪ ያልገባውን የሒሳብ ጥያቄ ለጎረቤት መምህር ያሳያል፤ የገበዝ ማርያምና የአካባቢዋ የገጠር ልጅ ግን መምህሩን የሚያገኘው በክፍለ ጊዜው ብቻ ነው። ያ ክፍለ ጊዜ ሲቋረጥ ደግሞ የሚተካው የለም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ በሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ በግልጽ ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህም በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር በርካታ ትምህርት ቤቶች ከመማር ማስተማር ሥራቸው ተስተጓጉለዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ነበር።

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ የመፍትሔ ሐሳብ አለ። መምህሩ በታብሌት ስክሪን ላይ በብዕር እየጻፈና እየሣለ፣ በድምፁም እያብራራ ከሩቅ ያስተምራል፤ ትምህርቱም በዚያው ቅጽበት ይቀረጻል። ሐሳቡ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ቀጥታ የኢንተርኔት ትምህርት ነው። ነገር ግን አሠራሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በገጠሩ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ቀጥታው ሥርጭት ሳይሆን ከሥርጭቱ በኋላ የሚቀረው ፋይል ነው። ፋይሉ ትንሽ ከሆነ ኔትወርክ በሌለበትም በሰው ኪስ ይጓዛል።

ኢትዮጵያ በስክሪን ማስተማርን ስትሞክር የመጀመሪያዋ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በሚተላለፍ ትምህርት ሲያስተምሩ እንደነበር፣ በዘመኑ የተማሩ ሁሉ «ፕላዝማ» በሚለው ስሙ ያስታውሱታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ከአንድ ማዕከል ለመላው ሀገሪቱ በአንድ ሰዓት ይለቀቅ ነበር። በክፍሉ ያለው መምህር በመግቢያው ጥቂት ደቂቃዎች፣ በመዝጊያውም ጥቂት ደቂቃዎች ይናገራል፤ መካከሉን ስክሪኑ ይወስደዋል። ተማሪዎችም መምህራንም አዘውትረው ያነሡት የነበረው ቅሬታ ፍጥነቱ ነበር። ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ቢል የሚሰማው የለም፤ መብራት ከሄደም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። መምህሩ ራሱ ስክሪኑን ማቆም አይችልም ነበር።

በብዕር የሚጻፍ የተቀረጸ ትምህርት ከዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ያቆመዋል፤ ወደ ኋላም ይመልሰዋል። ሁለተኛ፣ እጅ ከማሰብ ፈጥኖ አይጽፍም። የተዘጋጀ ጽሑፍ በስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ ሲደረደር፣ ተማሪው የትኛውን መስመር እንደሚከተል ይጠፋዋል። መስመር በመስመር ሲጻፍ ግን ዓይኑ የብዕሩን ጫፍ ይከተላል፤ የመምህሩም ድምፅ ከጫፉ ጋር ይሄዳል።

የዚህን ዘዴ ታሪክ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች በዓለም በሰፊው የሚታወቀው ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ ከተማ ለምትኖር አንዲት ዘመዱ ሒሳብ በስልክ ማስረዳት ጀመረ፤ ሁለቱም በኮምፒውተር ላይ በአንድ ሰሌዳ ይጽፉ ነበር። ሌሎች ዘመዶቹም ሲጨመሩ ሁሉንም በየሰዓቱ ማስተማር ስላልተቻለው በ2006 ትምህርቱን እየቀረጸ በዩቲዩብ ማስቀመጥ ጀመረ። ዘመዶቹ በአካል ከሚያስረዳቸው ይልቅ ቅጂውን እንደሚመርጡ እንደነገሩት ካን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅጂውን ደጋግመው ቢጠይቁት አይሰለችም፤ የረሱትን የአምና ትምህርት ሲመለከቱም የሚያፍሩበት ሰው የለም። በ2014 ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ተቋም 6 ነጥብ 9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው ነበር። እነርሱም በብዕር እየተጻፉ የሚቀርቡ ማብራሪያዎች ከተዘጋጁ የስላይድ ገለጻዎች ይልቅ ተመልካችን ይዘው እንደሚያቆዩ፣ ከስድስት ደቂቃ የማይበልጡ ቪዲዮዎችም የተሻለ እንደሚታዩ አሳይተዋል።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስና የፋይሉን ክብደት እናስላ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ በተለመደ የስልክ ካሜራ በጥሩ ጥራት ለ10 ደቂቃ ቢቀረጽ፣ ፋይሉ ወደ 1 ነጥብ 3 ጊጋ ባይት ይደርሳል። ካሜራው የግድግዳውን፣ የልብሱንና የብርሃኑን እያንዳንዷን ለውጥ በየቅጽበቱ ይመዘግባልና። የታብሌት ሰሌዳ ግን ነጭ ሜዳ ነው፤ የሚለወጠው ብዕሩ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረጻ መተግበሪያው ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ደጋግሞ አያስቀምጥም። ቀረጻው በ1280 በ720 የምስል ስፋት፣ በሰከንድ 10 ምስል፣ ምስሉ በሰከንድ 150 ኪሎ ቢት፣ ድምፁ 64 ኪሎ ቢት እንዲሆን ቢስተካከል፣ የ10 ደቂቃው ትምህርት ወደ 16 ሜጋ ባይት ብቻ ይሆናል። በ8 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ካርድ የካሜራው ቅጂ ስድስት ያህል ብቻ ሲይዝ፣ የሰሌዳው ቅጂ ከ400 በላይ ይይዛል። የአንድ ክፍል የዓመት ሒሳብ በአንድ ካርድ ገብቶ በገበያ ቀን ሊላክ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ግን በራሱ አይመጣም። ብዙ ስልኮችና ታብሌቶች ስክሪናቸውን ሲቀርጹ ከፋብሪካ የተቀመጠላቸውን ከፍተኛ ጥራት ይጠቀማሉ፤ በዚህ ጊዜ ባዶ ሰሌዳ እንኳ በደቂቃ በርካታ አሥር ሜጋ ባይት ሊወስድ ይችላል። መለያው ቀላል ነው። አንድ ደቂቃ ቀርጾ የፋይሉን መጠን ማየት ነው። ከሁለት ሜጋ ባይት የሚበልጥ ከሆነ በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ የምስሉ ፍጥነትና በሰከንድ የሚመዘገበው የመረጃ መጠን ዝቅ ሊል ይገባል። የመምህሩን ፊት የሚያሳይ ትንሽ መስኮት በሰሌዳው ጥግ መጨመርም ክብደቱን መልሶ ያመጣዋል፤ ፊት ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳልና። በመግቢያው ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ ቢጠፋ ይበቃል።

ስለ መሣሪያው ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ስክሪን የሌለው የመጻፊያ ሰሌዳ ነው፤ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። እጅ ከታች ሲጽፍ ዓይን ከላይ የላፕቶፑን ስክሪን ያያል። ለጥቂት ቀናት ያደናግራል፤ ከለመዱት ግን ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል። ሁለተኛው የራሱ ብዕር ያለው ታብሌት ነው። ይህ የብዕሩን ጫፍ ከእጅ መዳፍ ስለሚለይ፣ መምህሩ እጁን በስክሪኑ ላይ አሳርፎ እንደ ወረቀት ይጽፋል። ሦስተኛው ተራ ታብሌት ላይ በጎማ ጫፍ ብዕር መጻፍ ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ስክሪኑ መዳፍንም እንደ ብዕር ስለሚቆጥር ያልታሰበ መስመር ይሠራል፤ ጽሑፉም ወፍራም ይሆናል። ይህን የሚጠቀም መምህር እጁን ከፍ አድርጎ መጻፍና ፊደሉን ማተለቅ አለበት።

አሠራሩን በአንድ ትምህርት እንመልከት። የሰባተኛ ክፍል የመቶኛ ትምህርት ነው እንበል። ምሳሌውም የአርሶ አደር ልጅ በቤቱ የሚያውቀው የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ ነው። መምህሩ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ሆኖ፣ ኔትወርክ የሚያገኙ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎችን በቀጥታ ያገናኛል። ቀረጻውን ግን በራሱ መሣሪያ ላይ ያደርጋል። ኔትወርኩ ቢቆራረጥ በሌላው ጫፍ ያለው ተማሪ ይቋረጥበታል እንጂ በመምህሩ መሣሪያ የሚቀረጸው የመምህሩ ድምፅና ሰሌዳ አይቆራረጥም። የተማሪዎቹ ድምፅ እንደሚቀረጽና ለሌሎች እንደሚደርስ አስቀድሞ ይነገራቸዋል።

በመጀመሪያው ገጽ ጆንያ ይሣላል። በላዩ «50 ኪ.ግ» ይጻፋል፤ ከጎኑም ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን እንደያዘ በቀይ ይጻፋል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ በዚህ ጆንያ ውስጥ ስንት ኪሎ ናይትሮጅን አለ? እዚህ ላይ መምህሩ «ቪዲዮውን አቁሙና በደብተራችሁ ሥሩ» ይላል፤ ጥቂት ሰከንድም ዝም ይላል። በቀጥታ ከተገናኙት ተማሪዎች አንዱ «46 ኪሎ» ብሎ ቢመልስ መምህሩ አይቆርጠውም። መልሱን በሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል። ምክንያቱም ካርዱ በኋላ ከሚደርሳቸው ልጆች ብዙዎቹ ይህንኑ ስሕተት በደብተራቸው መጻፋቸው አይቀርም፤ የሚማሩትም ስሕተቱ ሲታረም አይተው ነው።

በሁለተኛው ገጽ አንድ ረጅም አግድም ሣጥን ይሣላል፤ ይህ 100 ኪሎ ነው። ከእርሱ ውስጥ 46ቱ ይቀባል። ከሥሩ ግማሹን የሚያክል ሌላ ሣጥን ይሣላል፤ ይህ የእኛ 50 ኪሎ ጆንያ ነው። ሣጥኑ በግማሽ ሲያንስ የተቀባውም በግማሽ ያንሳል፤ ስለዚህ 23 ኪሎ ይሆናል። አሁን መምህሩ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ «46 ኪሎ» የሚለውን በአንድ መስመር ይሰርዘዋል እንጂ አያጠፋውም። መቶኛ ማለት «ከመቶው» ማለት እንጂ ኪሎ ማለት አለመሆኑ በዚያ መስመር ይታያል።

በሦስተኛው ገጽ ጥያቄው ይገለበጣል። አንድ ሔክታር 92 ኪሎ ናይትሮጅን እንዲያገኝ ቢፈለግ ስንት ጆንያ ያስፈልጋል? 92 ለ23 ሲካፈል አራት ጆንያ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ይሆናል። አራት ጥማድ አንድ ሔክታር በሚባልበት ልማድ፣ ለአንድ ጥማድ አንድ ጆንያ ደረሰ ማለት ነው። መምህሩ 92 የሚለው ቁጥር ለስሌት የተወሰደ መሆኑን መናገር አለበት፤ ለእያንዳንዱ ማሳና ሰብል የሚበቃውን መጠን የሚወስነው የአፈሩ ሁኔታና የግብርና ባለሙያው ምክር ነው። ቪዲዮውን ከልጃቸው ጋር የሚያዩት አባት ነገ በማሳቸው ሊሠሩበት ይችላሉና ይህቺ ዐረፍተ ነገር ልትዘለል አይገባም።

ይህ ትምህርት ስምንት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በጥያቄው ላይ ሁለት ቦታ ቢከፈል ግን ይበልጥ ያመቻል፤ አንዱ ፋይል ጥያቄውን፣ ሌላው መልሱን ይይዛል። መልሱ በሌላ ፋይል ሲሆን ተማሪው ሳይሞክር ወደ ፊት የመዝለል ፈተናው ይቀንሳል።

ከጽሑፉ አንጻር ዋናው ስሕተት ማነስ ነው። በታብሌት ላይ ደህና የሚታይ ፊደል በትንሽ ስልክ ላይ ጉንዳን ይሆናል። ስልክ በአግድም ሲያዝ የስክሪኑ ቁመት ስድስት ወይም ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ ገጽ ከሰባት መስመር በላይ ከተጻፈ እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቦታ ሲያልቅ ሰሌዳውን ከማጥፋት አዲስ ገጽ መክፈት ይሻላል። የቀደመው ገጽ ከተቀመጠ መምህሩ ተመልሶ ሊያሳየው ይችላል፤ ተማሪውም ቪዲዮውን አቁሞ ገጹን ሙሉውን ይገለብጣል።

ትምህርቱን ከምስሉ ይልቅ የሚያበላሸው ግን ድምፁ ነው። ጽሑፉ ቢደበዝዝ ተማሪው ከማብራሪያው ይረዳል፤ ድምፁ ካልተሰማ የሚቀረው ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ መስመር ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ መቅረጽ አይቻልም፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ያስተጋባል። ብርድ ልብስና መጋረጃ ባለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ በስልክ ማዳመጫው ላይ ያለውን ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ መያዝ በቂ ውጤት ይሰጣል። ከሁሉ በፊት 10 ሰከንድ ቀርጾ ማዳመጥ የግድ ነው። ላፕቶፑ የተሰካውን ማይክ ትቶ የራሱን ሲወስድ፣ ወይም ጨርሶ ድምፅ ሳይቀርጽ ሲቀር መምህሩ የሚያውቀው ሙሉውን ከጨረሰ በኋላ ሊሆን ይችላልና።

መብራት የሚቋረጥበት አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። `MP4` የተባለው የተለመደው የፋይል ዓይነት ማውጫውን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ቀረጻው ሲዘጋ ነው። የመምህሩ ላፕቶፕ በመካከል ድንገት ከጠፋ፣ የ20 ደቂቃ ሥራ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ሊቀር ይችላል። በነጻ የሚገኘው `OBS Studio` ግን ቀረጻውን `MKV` በሚባል ዓይነት ማስቀመጥ ይችላል፤ ይህ ቢቋረጥም እስከዚያ የተቀረጸው ይተርፋል። ሥራው ሲያልቅ በዚያው መተግበሪያ `Remux Recordings` በሚለው ትእዛዝ ወደ `MP4` ይለወጣል፤ ብዙዎቹ ስልኮች የሚከፍቱት ይህን ነውና። ካርዱ ከመላኩ በፊት ግን ተማሪዎቹ በያዙት ዓይነት ርካሽ ስልክ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ይህ ዘዴ የማይሻገረው ድንበርም አለው። የተቀረጸ መምህር የተማሪውን ፊት አያይም። በክፍል ውስጥ ግንባሩን የቋጠረ ልጅ መምህሩን ያስቆመዋል፤ በስልክ ውስጥ ያለው መምህር ግን ይቀጥላል። ስልክ የሌለው ቤተሰብ ልጅም አለ። ስልኩ ያለው ታላቅ ወንድም ወደ ሥራ ሲሄድ ትምህርቱ አብሮት የሚሄድበት ልጅም አለ። ስለዚህ ካርዱ ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለአንድ ሰፈር ቢታሰብ ይሻላል። አራት አምስት ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ሲቀመጡ፣ «አቁሙና ሥሩ» በተባለበት ቦታ አንዱ ለሌላው ያስረዳል፤ ከቪዲዮው የጎደለውም በከፊል በዚያ ይሞላል።

ጉዳዩ ከአንድ ቀበሌ ልጆች ያልፋል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ታብሌትና ብዕርም ብቻቸውን አይፈቱትም። ነገር ግን በሰባተኛ ክፍል መቶኛን ሳይረዳ ያለፈ ልጅ በ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ያው ጆንያ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ተመልሶ የሚያየው የሰባተኛ ክፍል መምህር በካርድ ላይ ቢኖር የጎደለውን ለመሙላት ዕድል ያገኛል።

ሥራው መሥራቱ የሚለካው ካርዱ ሲመለስ ነው። ትምህርት ይዞ የሄደው ካርድ፣ ተማሪዎቹ የሠሩትን ደብተር በስልክ ካሜራ አንሥተው ይዞ ቢመለስ፣ መምህሩ በአንድ ምሽት ሃያ መልስ ያያል። ስሕተቱ በየልጁ የተለያየ ከሆነ ተጨማሪ ልምምድ ይበቃል። ከሃያው አሥሩ በአንድ ቦታ ከተሳሳቱ ግን ችግሩ ያለው በልጆቹ ሳይሆን በቪዲዮው አንድ ደቂቃ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሙሉው ትምህርት እንደገና አይሠራም፤ ያቺ ደቂቃ ብቻ ሁለት ሜጋ ባይት በማይሞላ አዲስ ፋይል ትቀረጽና በቀጣዩ የገበያ ቀን ትላካለች።